ግላኮማን በደብተር መከታተል፦ የአጎቴ ሰባት ዓመት

ሁለት የተቆላ የቡና ፍሬ አምጡ። ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ በመሃላቸው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይኑር። ቀኝ ዓይናችሁን በእጃችሁ ሸፍኑና በግራው ዓይን በስተቀኝ ያለችውን ፍሬ ብቻ ትኩር ብላችሁ እዩ። ፊታችሁ ከወረቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራቅ፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጠጋ፣ ራቅ በሉ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ የግራዋ ፍሬ ድራሿ ይጠፋል።

ልብ በሉ፣ በቦታዋ ጥቁር ቀዳዳ አይታይም። ነጭ ወረቀት ነው የሚታየው። አንጎል የጎደለውን በዙሪያው ባለው ቀለም ሞልቶ ያሳያችኋል። ይቺ ባዶ ቦታ በሁላችንም ዓይን ያለች ናት፣ የዓይን ነርቭ ከዓይን ኳስ የሚወጣባት በር። እስከ ዛሬ አላወቃችኋትም አይደል? ግላኮማም እንደዚች ዓይነት ባዶ ቦታ ነው የሚጨምረው፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ፣ ከመሃል ራቅ ብሎ። ያውም ሁለቱ ዓይኖች አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍኑ ሰውየው ግማሽ እይታውን ከስሮም በሬ ጠምዶ ያርሳል፣ ገበያ ወርዶ ብር ቆጥሮ ይቀበላል።

እኔ ደሴ ውስጥ የምሠራ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። አጎቴ ሐይቅ ነው የሚኖረው። በ2010 ጥር ላይ ወደ እኔ የመጣው ለቁርአን ማንበቢያ መነጽር ፈልጎ ነበር፤ ያኔ ዕድሜው 58 ነበር። «ዓይኔማ እንደ ጭልፊት ነው፣ ቅርቡ ብቻ ነው የደከመኝ» አለኝ። እውነቱን ነበር፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የመጨረሻ መስመር በሁለቱም ዓይን አነበበ። የዓይኑን ግፊት ስለካው ግን ቀኙ 24፣ ግራው 31 ሆነ፤ ጤነኛ የሚባለው እስከ 21 ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር አለን። ከዚህ በታች የምጽፈው ያቺ ደብተር እንዴት እንደምትያዝ ነው። ካርድ ይጠፋል፣ ሐኪም ይቀየራል፣ ማሽን ይበላሻል። የአጎቴ ካርድ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለቴ «አዲስ ታካሚ» ተብሏል። ደብተሯ ግን ከሻሹ ጋር በፌስታል ታስራ ትመጣለች።

በቅድሚያ፣ የአጎቴ ዓይነቱ «ክፍት ጥግ ግላኮማ» ሲባል ክፍት የሆነው ምኑ ነው?

ዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል የሚመነጭ ንጹህ ፈሳሽ አለ (ከእንባ ጋር አይገናኝም)። ፈሳሹ ጥቁሩ የዓይን ክፍል ከነጩ በሚገናኝበት ጥግ ላይ ባለች ወንፊት በኩል ይወጣል። በአንዳንድ ሰው ጥጉ በድንገት ይዘጋል፤ ያ ያመዋል፣ ዓይን ይቀላል፣ ያስታውካል፣ ሰው በዚያው ሌሊት ሐኪም ይፈልጋል። ክፍት በሚባለው ዓይነት ግን ጥጉ ሲታይ ወለል ያለ ነው። ችግሩ ወንፊቷ ውስጥ ነው፣ ውኃው ቀስ እያለ ነው የሚያልፍላት። የሚመነጨው ሳይቀንስ የሚወጣው ሲዘገይ ግፊቱ ይጨምራል፣ ግን በዓመታት ውስጥ ስለሆነ ሕመም የለውም። ግፊቱ ነርቩን መውጫው በር ላይ ይጫነዋል። ነርቩ አንድ ሚሊዮን ገደማ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ገመድ ነው፤ የሞተ ክር ተመልሶ አይበቅልም። ሕክምናው የቀረውን ያቆያል እንጂ የሄደውን አያመጣም።

ስለዚህ «ግፊት» እና «ግላኮማ» አንድ አይደሉም። ግፊቱ ምክንያት ነው፣ በሽታው ያለው ነርቩ ላይ ነው። 25 ይዞ ነርቩ ደህና የሆነ ሰው አለ፣ 16 ይዞ ነርቩ የሚያልቅ ሰውም አለ። በዚህ ምክንያት ነው ሦስቱንም መጻፍ ያለብን፦ ግፊት፣ ነርቭ፣ የእይታ ስፋት።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያውን ገጽ መሙላት

የመጀመሪያው ገጽ አንዴ ተጽፎ ለዓመታት የሚነበብ ነው። ካርድ ላይ OD ካለ ቀኝ ዓይን ነው፣ OS ካለ ግራ። ሳታምታቱ ሁለት ዓምድ አስምሩ።

ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ያለውን ግፊት ጻፉ። ይቺን ቁጥር ብዙ ሰው አይጽፋትም፣ ኋላ ግን ከሁሉም በላይ የምትፈለግ እሷ ናት። ጠብታ ከተጀመረ በኋላ 17 ቢሆን መነሻው 31 ነበር ወይስ 20 ነበር? ሐኪሙ መድኃኒቱ ሠራ ወይ የሚለውን የሚያውቀው በዚያ ነው።

ቀጥሎ የኮርኒያ ውፍረት። ኮርኒያ የዓይን የፊት መስታወት ነው። አማካዩ 540 ማይክሮን ገደማ ነው። ግፊት የሚለካው ይህን መስታወት ተጭኖ ስለሆነ ቀጭን ከሆነ ቶሎ ይተጣጠፋል፤ ማሽኑም ከእውነተኛው ግፊት ያነሰ ቁጥር ያነባል። ወፍራም ከሆነ ተቃራኒው። የአጎቴ 510 እና 505 ነው፣ ቀጭን። ስለዚህ የእሱን 17 እንደ ሌላ ሰው 17 አናየውም። ቁጥር እየደመርን አናርምም፣ ያ ትክክለኛ ቀመር የለውም፤ ጠንቀቅ ማለት ብቻ ነው። ውፍረቱ አንዴ ከተለካ ይበቃል፣ ብዙ አይቀያየርም።

ሦስተኛ፣ ጥጉ መታየቱን ጠይቁ። ሐኪሙ ዓይን አደንዝዞ መስታወት ያለው ትንሽ ሌንስ ዓይን ላይ አስቀምጦ ያየዋል። ይህ ካልታየ «ክፍት» የሚለው ስም ግምት ነው። በየጥቂት ዓመቱ መደገምም አለበት፣ ምክንያቱም ከዕድሜ ጋር የዓይን ሌንስ ሲወፍር ክፍት የነበረ ጥግ ሊጠብ ይችላል።

ሌላው ሕመም ነው። አስም ካለ፣ የልብ ምት ዝግተኛ ከሆነ በትልቁ ይጻፍ፣ ምክንያቱም ቲሞሎል የሚባለው ርካሽና በየፋርማሲው የሚገኘው ጠብታ ለእነዚህ ሰዎች አደገኛ ነው። ዓይን ውስጥ ስለተንጠባጠበ እዚያው አይቀርም፣ በአፍንጫ ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል። ዴክሳሜታሰን ጠብታ ለረጅም ጊዜ ተጠቅማችሁ ከሆነም ይጻፍ። ለማሳከክ እየተባለ ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ያ ጠብታ ራሱ ግፊት ይጨምራል፣ ልጆች ላይ ሳይቀር።

ደረጃ 2፦ ግፊቱን ሲለኩ

ጤነኛ የሚባለው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ዋናው መለኪያ ጎልድማን ይባላል፦ ዓይን ይደነዝዛል፣ ብርቱካንማ ቀለም ይገባል፣ በሰማያዊ መብራት አንዲት ትንሽ ጫፍ ኮርኒያውን ትነካለች። አየር እፍ የሚልም አለ፣ በእጅ ተይዞ ቶክ ቶክ የሚልም አለ። ሁሉም ይለካሉ፣ ቁጥራቸው ግን ሁልጊዜ አይገጥምም። በአየሩ 21 የነበረ በጎልድማን 17 ቢሆን «ቀነሰልኝ» ብላችሁ እንዳትደሰቱ። ከቁጥሩ ጎን በምን እንደተለካ ጻፉ።

ሰዓቱንም ጻፉ። ይህን ነው ሰው የሚዘለው። የዓይን ግፊት በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ብዙ ሰው ላይ ጠዋት ከፍ ይላል፣ ግላኮማ ባለበት ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። አጎቴ ከሐይቅ ሚኒባስ ይዞ ደሴ የሚደርሰው ሁልጊዜ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር የረፋድ 4 ሰዓት ቁጥር ነው፦ ግራው 17፣ 16፣ 17፣ 17። ደስ ይላል። አንድ ቀን ለለቅሶ ደሴ አድሮ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ለካሁት፤ 22። እሱም ደነገጠ እኔም ደነገጥኩ። በመለካቱ ሰዓት ብቻ የተደበቀ 5 ነጥብ ነበር። ሐኪሙ ይህን አይቶ መድኃኒት ጨመረ። ስለዚህ በዓመት አንዴም ቢሆን በተለየ ሰዓት ተለኩ፣ በተለይ በማለዳ።

ሲለካ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። የአንገት ቁልፍ ወይም ሻሽ ከጠበቀ ላላ አድርጉት። ትንፋሽ አትያዙ፣ ዓይናችሁን አትጨብጡ። ብዙ ውኃ በአንዴ መጠጣትም ግፊቱን ለአንድ ሰዓት ያህል ከፍ ያደርገዋል፣ አንድ ሊትር በአንድ ትንፋሽ ማለቴ ነው። ጠበል ቦታ ሆነው ማለዳ ጆግ ሙሉ ጠጥተው የሚመጡ ሰዎች ይገጥሙኛል። ጠበላችሁን ጠጡ፣ ግን ቀስ ብላችሁ፤ ከዚያም ለሚለካችሁ ሰው ንገሩት።

ዒላማው ስንት ይሁን? ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም። ነርቩ ብዙ ከተጎዳ ዝቅ ያለ ይፈለጋል። ለአጎቴ ግራ ዓይን ሐኪሙ «ከ15 በታች ብናደርሰው» አለ፣ ለቀኙ 18 በቃው። ዒላማው ራሱ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «19 ነው፣ ኖርማል ነው» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ይህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ስዊድን ውስጥ ለዓመታት በተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት ላይ ግፊቱ በእያንዳንዷ 1 ነጥብ ሲቀንስ በሽታው የመባባሱ ዕድል በ10 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከ19 ወደ 15 የምትባለው ልዩነት ትንሽ እንዳትመስላችሁ።

ደረጃ 3፦ ነርቩን ማየት

ነርቩ ከፊት ሲታይ ስኒ ማስቀመጫው ላይ እንደተቀመጠ ነው የሚመስለው። ማስቀመጫው የነርቩ ክብ ነው፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ሕያው ክሮች ናቸው፣ መሃሉ ላይ ያለው ጎድጓዳ ስኒው ነው። ክር ሲሞት ጠርዙ ይሳሳል፣ ስኒው ይሰፋል። ካርድ ላይ 0.5 ከተባለ ስኒው በወርዱ የማስቀመጫውን ግማሽ ይዟል ማለት ነው። የአጎቴ ቀኙ 0.5፣ ግራው 0.8 ነበር። ከቁጥሩ በላይ ያስደነገጠን የሁለቱ አለመመሳሰል ነው፤ ከ0.2 በላይ ልዩነት ካለ ጠርጥሩ። ሲወለዱ ጀምሮ ሰፊ ስኒ ያላቸው ጤነኞች አሉና አንዲት ቁጥር ብቻዋን አትፈርድም።

ደግሞ ይህ ቁጥር የተመልካች ዓይን ነው። እኔ 0.7 ያልኩትን ሌላው 0.8 ሊለው ይችላል። ስለዚህ ፎቶ ይነሳ። የነርቩ ፎቶ ማሽን ካለ ስክሪኑን በስልካችሁ አንሱትና ቀኑን ጻፉበት። ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል። ጠርዙ ላይ እንደ ብዕር ጭረት ያለች ቀጭን ደም ከታየችም ትመዝገብ። ደሟ በሳምንታት ውስጥ ትጠፋለች፣ ግን በሽታው እየገሰገሰ ሊሆን እንደሚችል የምትናገር ምልክት ናት።

ኦሲቲ የሚባለው ማሽን የክሮቹን ንብርብር ውፍረት በማይክሮን ይለካል። ጤነኛ አዋቂ 90ዎቹ አካባቢ ነው። የአጎቴ ቀኙ 84፣ ግራው 58። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀለም ይሰጣል፤ ቀለሙን አትመኑት፣ በተለይ ሩቁ የማይታያችሁና ወፍራም መነጽር የምታደርጉ፣ ጤነኛውንም ቀይ ሊያደርገው ይችላል። ማየት ያለባችሁ ከራሳችሁ የድሮ ቁጥር ጋር ነው፣ በተመሳሳይ ማሽን የተነሳ። አንድ ገደብም አለው። 50 አካባቢ ሲደርስ ወለሉን ነካ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነርቩ እየሞተም ቁጥሩ አይወርድም። የአጎቴ ግራ ዓይን ወደዚያ ቀርቧል። ለእሱ የቀረው ምስክር ፊልዱ፣ ማለትም የእይታ ስፋት ምርመራው ነው።

ደረጃ 4፦ ፊልድ፣ ሁሉም የሚጠላው ምርመራ

ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አገጭ አስቀምጦ፣ አንድ ዓይን ተሸፍኖ፣ መሃሉን ትኩር ብሎ እያዩ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነው። ለአንድ ዓይን አምስት ስድስት ደቂቃ ይወስዳል። አጎቴ መጀመሪያ ቀን ሲወጣ «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ነው ዓይኔን ያጠፋው፣ ግማሹን አላየሁትም» አለኝ። ሳይነግሩት ስለገባ ነው። ማሽኑ ሆን ብሎ የማይታይ ደብዛዛ መብራትም ይሰጣል፣ የት ላይ ማየት እንደምታቆሙ ለማወቅ። ጤነኛ ሰውም ግማሹን ያህል አያየውም። ስለዚህ አትጨነቁ፣ መብራቱን እየፈለጋችሁ ዓይናችሁን አታንቀሳቅሱ፣ ያያችሁ ሲመስላችሁ ብቻ ተጫኑ። ዓይናችሁን ማርገብገብ ይቻላል። ከደከማችሁ በብዙ ማሽኖች ቁልፉን ተጭናችሁ ስትይዙት ይቆማል። የላይኛው የዓይን ቆብ ከወረደ በፕላስተር ከፍ ይደረግ፣ አለበለዚያ ላይኛው እይታ የጠፋ ይመስላል።

ማሽኑ በየቦታው የለም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው፣ ደሴም የግል ክሊኒኮች አሉ፤ የትም ብትሄዱ ግን ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ «ፊልድ ዛሬ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከወግዲ ወይም ከመካነ ሰላም ተነስቶ መጥቶ «ባለሙያው የለም» መባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ወረቀቱ ሲወጣ መጀመሪያ ላይኛው ጥግ ያለውን የእምነት ቁጥር እዩ። ሰውየው መብራት ሳይኖር የጫነበት ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ያ ፊልድ አይረባም፣ ይደገም። ከዚያ MD የሚለውን ፈልጉ። በዴሲቤል ነው። 0 አካባቢ ማለት በዕድሜያችሁ ካለ ጤነኛ ሰው ጋር እኩል ናችሁ ማለት ነው። እስከ -6 ቀላል፣ ከ-6 እስከ -12 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች ከባድ ይባላል።

የአጎቴ የመጀመሪያው ፊልድ ቀኙ -4.1፣ ግራው -11.8 ነበር። ከወር በኋላ ሲደገም -1.9 እና -9.4። ዓይኑ ድኖ አይደለም፣ ምርመራውን ተለማምዶ ነው። የመጀመሪያውን ፊልድ እንደ መነሻ ብንይዘው ኖሮ ቀጣዩን ሁለት ዓመት ሙሉ «እየተሻለው ነው» እያልን እንቀልድ ነበር። መነሻ የሚሆነው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስድስት ፊልድ ቢሠራ ይመከራል፣ የበሽታው ፍጥነት የሚታወቀው በዚያ ነው። እኛ አምስት ነው የቻልነው።

እነሆ የግራው ዓይን እስከ 2013፦ -9.4፣ -9.6፣ -9.1፣ -10.0፣ -9.7። ይዋዥቃል። -10.0 ያለ ቀን አጎቴ ሌሊት አልተኛም ነበር። በቀጣዩ ተመለሰ። አንድ ፊልድ ብቻውን «ተባብሷል» ለማለት አይበቃም፣ መደገም አለበት፣ በድጋሚውም እዚያው ቦታ ላይ ከታየ ነው የሚታመነው።

ፍጥነቱን ለማየት ቀላል ሂሳብ በቂ ነው። በየዓመቱ 1 ዴሲቤል ቢወርድ አጎቴ 70 ዓመት ሲሞላው ግራ ዓይኑ -21 ገደማ ይሆናል፣ ያ ወደ መታወር የተጠጋ ነው። በየዓመቱ 0.1 ቢወርድ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አይቶበት ይኖራል። ሐኪሙ «እንቀጥል ወይስ ኦፕራሲዮን?» የሚለውን የሚወስነው በዚህ ነው፣ በዛሬው ግፊት ብቻ አይደለም።

2014 ላይ የሆነው

ከ2013 ነሐሴ ጀምሮ መንገዱ ሲዘጋጋ ጠብታ ጠፋ። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፣ ሰው ወጣ። አጎቴ ከከብቶቹ ጋር ወደ ዘመድ ሸሸ፣ ደብተሯን በኪሱ ይዟት፣ ጠብታው ግን አልቆ ነበር። ድጋሚ ያገኘሁት የካቲት ላይ ነው። ስድስት ወር ገደማ ያለ መድኃኒት ቆይቷል። ግፊቱ 26 እና 33።

«ምንም አላመመኝም፣ የማየው እንደ ድሮው ነው» አለ። ይህን በሽታ ክፉ የሚያደርገው ይህ ነው።

መጋቢት ላይ ፊልድ ተሠራ፦ ግራው -11.8። አንዱ ብቻ ስለሆነ ዝም አልን፣ ጠብታው ግን በዚያው ቀን ተጀመረ። ግንቦት ላይ ተደገመ፦ -11.6። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ስናያቸው አዲስ የጠፉት አራት ነጥቦች ከድሮው ጉዳት ጋር ተያይዘው፣ በላይኛው የአፍንጫ በኩል ወደ መሃል የቀረቡ ናቸው። እንዲህ ሲሆን እውነተኛ ነው። ድካም ቢሆን እዚህም እዚያም ተበታትኖ ነበር የሚታየው። ደብተሯ ባትኖር ግን ይህን ግንቦት ላይ ያየ አዲስ ሐኪም «ከድሮም እንዲህ ነበር» ሊል ይችል ነበር።

በሁለት ጠብታ ግራው 19 ላይ ቆመ። ዒላማው 15 ነው። ሐምሌ ላይ ኦፕራሲዮን ተሠራለት፦ ነጩ የዓይን ክፍል ላይ ከቆቡ ስር ትንሽ የመውጫ በር ይከፈትና ፈሳሹ በዚያ ያልፋል። ግፊቱ 12 ሆነ። እይታው አልጨመረም፣ ይህንም ከመሠራቱ በፊት ሦስት ጊዜ ነግረነው ነበር፤ «ታዲያ ለምን ተቀደድኩ?» የሚል ታካሚ የሚኖረው ቀድሞ ስላልተነገረው ነው። ይህን ኦፕራሲዮን የተሠራ ሰው ዓመታት ቆይቶም ቢሆን ዓይኑ ቀልቶ ዓይናር ካወጣ ወይም ካመመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ኢንፌክሽን በዚያች በር ሊገባ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ጠብታው በእርግጥ እየገባ ነው?

ግፊቱ ሳይወርድ ሲቀር መጀመሪያ የምጠይቀው «እስቲ እያየሁ ጠብ አድርጉ» ብዬ ነው። ግማሹ ጉንጭ ላይ ይወርዳል። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጉና አንድ ጠብታ ብቻ ኪሱ ውስጥ ጣሉ፣ የጠርሙሱ ጫፍ ዓይን አይንካ። ዓይን ጨፍናችሁ የአፍንጫ በኩሉን ጥግ በጣት ሁለት ሦስት ደቂቃ ተጫኑ፤ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ነው። ሌላ ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ አለበለዚያ ሁለተኛው አንደኛውን ያጥበዋል።

ጠርሙሱን ደግሞ ቁጠሩ። ላታኖፕሮስት ማታ ማታ አንዴ ነው፣ ጠርሙሱ 2.5 ሚሊ ሊትር ነው፣ 80 ጠብታ ገደማ። ለሁለት ዓይን ሲሆን 40 ቀን ቢበዛ ነው። ሦስተኛ ወሩን የያዘ ጠርሙስ ካሳያችሁኝ ጠብታው እየተዘለለ ነው ማለት ነው፣ ምንም ማስረጃ አያስፈልገኝም። ከተከፈተ 6 ሳምንት በኋላ ይጣል። ያልተከፈተው ፍሪጅ ነው የሚቀመጠው፤ እንደ ባቲና ጨፋ ሙቀት ባለበት ያላችሁ፣ ሱቁ ውስጥ በምን ሁኔታ እንደቆየ ሳትጠይቁ አትግዙ።

ረመዳን ላይ ጠብታ የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። አጎቴም የመጀመሪያውን ዓመት እንዲሁ አደረገ። ብዙ ዑለማዎች የዓይን ጠብታ ጾም አያፈርስም ይላሉ፣ ግን ልቡ ያልረጋ ሰው ከመከራከር ሰዓቱን ቢያዛውር ይቀለዋል፦ ማታ ካፈጠረ በኋላ አንዴ፣ ሱሁር ላይ አንዴ። በቀን ሁለቴ ለሚደረገው ቲሞሎል ይበቃል፣ ላታኖፕሮስቱ ከመጀመሪያም የማታ ነው።

ሞራ ሲመጣ ቁጥሩን ያምታታል

2017 ላይ የግራው ፊልድ -13.2 ወጣ፣ ሲደገም -13.0። ግፊቱ 12። እኔ ራሴ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ግን ወረቀቱ ላይ ሌላ ካርታ አለ፣ አጠቃላይ ድብዛዜን ቀንሶ የጉዳቱን ቅርጽ ብቻ የሚያሳይ። እሱ አልተለወጠም፣ ያው የ2014ቱ ቅርጽ ነው። የነርቩ ፎቶም ያው። ሌንሱን ስናይ ሞራ ጀምሮታል፤ ከዚያ ኦፕራሲዮን በኋላ ሞራ ቶሎ መምጣቱ የተለመደ ነው። MD የወረደው ሞራው ሁሉንም ነገር እንደ ጉም ስለጋረደው ነው።

ግልባጩ ግን የበለጠ የሚያሳዝን ነው። ብዙ የወሎ አዛውንት እይታቸው ሲደክም «ሞራ ነው፣ ይብሰልና ይነሳል» ብለው ቤት ይቀመጣሉ። ሞራ ከሆነ ቢጠብቁም ይነሳል። ግላኮማ ከሆነ የበሰለው ነርቩ ነው፣ የሚነሳ ነገር የለም። ቤት ሆኖ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ወንድምና እህት

ወንድም፣ እህት ወይም ወላጅ ግላኮማ ካለበት የራሳችሁ ዕድል ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ከ40 ዓመት ጀምሮ ነርቩም ግፊቱም መታየት አለበት። የአጎቴ ወንድም ማለት አባቴ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ለመንኩት። «እኔ እስካሁን መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ» ይለኛል፣ እውነትም ያስገባል። ይህ የመሃል እይታ ነው፣ ግላኮማ መጨረሻ ላይ የሚነካው። ባለፈው መስከረም በቡናው ፍሬ ያሳየሁት ለእሱ ነው። ፍሬዋ ስትጠፋበት ሦስት ጊዜ ደገመው፣ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ ከስሩ ፈለጋት።

በማግስቱ ጠዋት መጣ። አዲስ ደብተር አወጣሁና የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ፦ OD 20፣ OS 21፣ ጎልድማን፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ ውፍረት 508 እና 511፣ ስኒ 0.4 እና 0.5፣ ጥጉ ክፍት። ፊልዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ የመጀመሪያውን እንደ ወንድሙ ነው የሠራው።